«አንድ ሰውዬ ቦርሳዬን ሰፋልኝ»

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ጉዞ እወዳለሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ ማስታወሻ እይዛለሁ። ሰሞኑን የአምናውን የሐረር ጉዞ ደብተሬን አውጥቼ ሳነበው ግን ባዶ ሆነብኝ። እንዲህ ይላል፦ ‹ጠዋት ከለቡ በባቡር ተነሣን። አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ። ከሰዓት ድሬዳዋ ገባን። በማግስቱ በሚኒባስ ሐረር። ጁገልን ዞርን። የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ አየን። አንድ ሰውዬ ቦርሳዬን ሰፋልኝ። ማታ ጅብ ሲበላ አየን።› ከዚያ ጉዞ ስመለስ የሆነ ነገሬ ተቀይሮ ነበር። እናቴም ‹ምን ሆነሽ ነው?› ብላኛለች። ደብተሩ ውስጥ ግን ይህ የለም። ለገና ከእናቴ ጋር ላሊበላ ልንሄድ ነው። በስንት ሰዓት የት እንደገባሁ ሳይሆን ያገኘሁትን ሰውና ውስጤ የሆነውን እንዴት ነው የምጽፈው? ‹ዛሬ ተለወጥኩ› ብሎ መጻፍ ደግሞ ያሳፍራል።»
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ የቦርሳው ነገር ላይ ቆምኩ። ካሰፈርሻቸው መስመሮች ሁሉ ሰው ያለበት እሱ ብቻ ነው። ደውዬ ስለ ሰውዬው ብቻ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው። የነገርሽኝን እዚህ እንዳወጣው ስለፈቀድሽ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ «ምንም የተለየ ነገር አልነበረም» አልሽኝ። ጥያቄ ሳበዛብሽ ግን አንድ በአንድ ወጣ። ቦታው ማኪና ግርግር ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ግራና ቀኝ የሚሰፉበት ጠባብ መንገድ። የቦርሳሽ ማንገቻ ተበጥሷል። አንዱ ጋ ጠጋ አልሽ፤ ጎልማሳ ሰው ነው። ቦርሳውን ከመስጠትሽ በፊት ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ፌስታል ገለበጥሽ። ብርሽንም እዚያው ፊቱ ቆመሽ ቆጠርሽ። ቦርሳውን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ይጠብቅሽ ነበር። መቁጠር ስትጀምሪ እጁን ሰበሰበና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ቆጥረሽ እስክትጨርሺ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የሚያስገባ መስሎ ቆየ። ክሩ ግን ቀድሞውንም ገብቶ ነበር። ይህን አይተሻል።

ከዚያ ሰፋልሽ። ቦርሳሽ ቡኒ፣ ክሩ ጥቁር። ማንገቻው ለምን እንደተበጠሰ የሆነ ነገር ነገረሽ። ሂሳብ ስትጠይቂ ለክርክር ተዘጋጅተሽ ነበር፤ እሱ የጠራው ግን ለክርክር የማይበቃ ትንሽ ገንዘብ ሆነ። ከፍለሽ ሄድሽ። ማታ ጅቡ ከጅብ መጋቢው አፍ ሥጋ ሲቀበል ጓደኞችሽ ሲጮሁ፣ አንቺ የልብስ ሰፊው ጀርባ ፊትሽ ላይ ድቅን ይልብሽ ነበር።

ደብተርሽ ውስጥ የጠፋው ይኼ ነው። ደግነቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግማሹ አንቺ ጋ አለ። የትኛው ግማሽ እንዳለና የትኛው እንደሄደ ካየን፣ ላሊበላ ላይ ምን ቶሎ መጻፍ እንዳለብሽ ይገባናል።

ያየሽው አለ። እጁ፣ ፌስታሉ፣ ክሩ፣ ጀርባው፣ ዓመት ሊሞላው እንኳ ቁልጭ ብሎ አለ። የሰማሽው ግን የለም። «ማንገቻው በአንድ በኩል ስለሚከብድ ነው ምናምን ያለኝ መሰለኝ» ነው ያልሽኝ። በምን ዓይነት አማርኛ እንዳለው፣ ጎን ለጎን ካለው ሰው ጋር በሐረሪኛ ይሁን በኦሮምኛ ምን እንደተባባሉ፣ ስትሄጂ ምን ብሎ እንደሸኘሽ፣ ሁሉም ሄዷል። ሁልጊዜም ቀድሞ የሚሄደው የሰው አነጋገር ነው። ሐሳቡ ይቀራል፣ አባባሉ ይተናል። አባባሉ ሲተን ደግሞ ደብተርሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደ አንቺ ማውራት ይጀምራል። የድሬ ባጃጅ ነጂ «አቦ» ማለቱ ቀርቶ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲናገር በብዙ የጉዞ ማስታወሻ ላይ አንብቤያለሁ፤ ሁሌም ያናድደኛል።

ስለዚህ ሁለት ደብተር ያዢ። አንዱ መዳፍሽ ውስጥ የሚገባ የኪስ ደብተር ነው። እዚህ ላይ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም። ሰውየውን ተሰናብተሽ ጥግ እንደታጠፍሽ አምስት ስድስት ቃል ትጭሪያለሽ፤ በተለይ የሰማሻቸውን ቃላት። ለሐረሩ ቢሆን ኖሮ «ፌስታል። ቆጠርኩ። ዞረ። ክሩ ገብቶ ነበር። ጥቁር ክር» እና ስለ ማንገቻው የተናገራት አንዲት ነገር፣ ልክ ከአፉ እንደወጣች። ይኸው ነው። ይህች ጭረት ማታ ላይ ሙሉውን ትቀሰቅስልሻለች።

ሰው ፊት ግን ደብተር አታውጪ። አገራችን ውስጥ ደብተርና እስኪርቢቶ ይዞ የቆመ ሰው ከቀበሌ ነው፣ ከገቢዎች ነው፣ ወይ ጋዜጠኛ ነው። ያን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከአንቺ ጋር ሳይሆን ከደብተሩ ጋር ነው። ስልክ ላይ መጫር ይቻላል፤ ሰው ቴክስት የምታደርጊ ይመስለዋል፣ አይጠነቀቅም። አደጋው ሌላ ነው። ስልኩን ከፍተሽ ሦስት ቃል ልትጽፊ ብለሽ ቴሌግራም ላይ አሥር ደቂቃ ትቀሪያለሽ፤ ስትመለሺ ያ አባባል የለም። ራስሽን ታውቂያለሽ፤ ወስኚ።

ሁለተኛው ትልቁ ደብተር ነው። እዚያ ላይ የምትጽፊው ያኑ ዕለት ማታ ነው፣ ቢቻል ከእንቅልፍ በፊት። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ ለሰው ከማውራትሽ በፊት ጻፊው። በሰው መካከል እየኖሩ ኑሮውን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን ያውቁታል፤ ቀን ጭረት ይይዛሉ፣ ማታ ለማንም ሳያወሩ ዘርዝረው ይጽፋሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እራት ላይ ለጓደኞችሽ «አንዱ ልብስ ሰፊ…» ብለሽ ስታወሪ የሚያስቀውን ታጎዪዋለሽ፣ የሚያሳፍርሽን ትዘልዪዋለሽ። ከዚያ ክፍልሽ ገብተሽ የምትጽፊው የሆነውን ሳይሆን ያወራሽውን ይሆናል። ብር መቁጠርሽ ከወሬው ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣ ነገር ነው፤ ለሰው አይወራማ። የገጹ እምብርት ግን እሱ ነው።

ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የምታስገቢው በጆሮሽ የሰማሽውን ብቻ ይሁን። በግምት ከሆነ ያለ ጥቅስ «እንዲህ ያለኝ ይመስለኛል» ብለሽ ጻፊ። ከዓመት በኋላ ስታነቢ የቱ የእሱ፣ የቱ የአንቺ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። «ተለወጥኩ» ማለት የሚያሳፍርሽ ትክክል ስለሆንሽ ነው። ቃሉ ባዶ ነው። ለውጥ የሚታየው ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው፦ በፊት ምን ታስቢ እንደነበርና ኋላ ምን እንዳሰብሽ። አንቺ ጋ የኋላው አለ፤ የበፊቱ ግን የትም አልተጻፈም። እና የበፊቱን ከጭንቅላቴ አወጣዋለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ፔኪንግና ወደ ሞስኮ ሊሄድ ነበር። ባሩክ ፊሽሆፍና ሩት ቤይት የተባሉ ተመራማሪዎች ከጉዞው በፊት ተማሪዎችን «ይህ የሚሆን ይመስላችኋል? ያኛውስ? ምን ያህል?» እያሉ ጠየቁ። ለምሳሌ ኒክሰን የቻይናውን መሪ ማኦን ያገኘው ይሆን? ጉዞው ካለፈ በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ጠርተው «ያኔ ምን ብላችሁ ነበር?» አሏቸው። በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ብዙዎቹ ተፈጽሟል ብለው ያመኑትን ነገር ድሮም ይሆናል ብለው እንደገመቱት አድርገው አስታወሱ። የዋሹ አይደሉም። አዲሱ ዕውቀት ገብቶ አሮጌውን ግምት ሸፈነው። መንገደኛ ላይም የሚደርሰው ይኼው ነው። ሐሳብሽ ሲቀየር አሮጌው ሐሳብሽ አብሮ ይሰወራል፣ «እኔ እኮ ድሮም እንዲህ ነው የማስበው» ትያለሽ። ስለዚህ ለውጡን ራስሽም አታዪውም።

መድኃኒቱ ከመነሣትሽ በፊት የምትጽፊው አንድ ገጽ ነው። ቀን ጻፊበት። ገጹ ላይ የሚሰፍረው ምኞት አይደለም። «ደስ የሚል ጉዞ ይሆናል» የሚል ነገር ምንም አያሳይሽም፣ ምክንያቱም ሊሳሳት አይችልም። ሊሳሳት የሚችል ነገር ጻፊ። «እናቴ በሁለተኛው ቀን ደክሞኛል እንመለስ ትለኛለች።» «ሕዝቡ መካከል ስገባ ጸሎት ሳይሆን ስልኬን ነው የማስበው።» «እንግዳ መሆኔን ያወቀ ሁሉ ዋጋ ይጨምርብኛል።» ምን እንደምትፈሪ፣ ከማን ምን እንደምትጠብቂ፣ ቤት ምን ብለው እንደመከሩሽ ጻፊ። ስትነሺ አክስትሽ «ዕቃሽን ከዓይንሽ እንዳታርቂ፣ ሰው እንግዳ ሲያይ ይበላል» እንዳሉሽ በስልክ ነግረሽኛል፤ አንቺም «እሺ» ብለሽ በልብሽ ይዘሽው ሄድሽ። ይህች ነገር ከጉዞው በፊት ተጽፋ ቢሆን ኖሮ የልብስ ሰፊው ጀርባ ለምን ሌሊቱን እንዳልለቀቀሽ ያኑ ዕለት ይገባሽ ነበር። ማኪና ግርግር ላይ ብሩን የቆጠርሽው ከእሱ ጋር ተጣልተሽ አይደለም፤ የአክስትሽን ምክር እየፈጸምሽ ነበር።

ደብተሩን ደግሞ እንዲህ ተጠቀሚበት፦ የግራውን ገጽ ብቻ ጻፊ፣ የቀኙን ባዶ ተዪው። የቀኙ ገጽ ለኋላ ነው፤ ለሳምንት፣ ለወር፣ ለዓመት። አንድ ነገር ሲገለጥልሽ ወይም ሐሳብሽ ሲቀየር፣ የግራውን ሳትነኪ ትይዩው ላይ በሌላ ቀለም፣ ቀን ጽፈሽ ታሰፍሪያለሽ። የግራውን መሰረዝ ወይም ማሳመር ክልክል ነው። ሞኝነት ቢሆንም ይቀመጥ፤ ቂም ቢሆንም ይቀመጥ። ለውጥ የሚባለው በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ልዩነት ስለሆነ፣ አንዱን ያስተካከልሽ ዕለት ሁለቱም ይሞታሉ።

የሐረሩን ገጽ አንቺ ከነገርሽኝ ብቻ ተነሥቼ ልሞክርልሽ። ምንም አልጨመርኩም። የግራው ገጽ፦

«ቅዳሜ፣ ሐረር። ጠዋት ከድሬ በሚኒባስ። የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ። ማኪና ግርግር ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። እጁን ዘረጋ። ቦርሳውን ከመስጠቴ በፊት ዕቃዬን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ገለበጥኩ፤ ብሬን ቆጠርኩ። መቁጠር ስጀምር እጁን ሰበሰበና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ክር የሚያስገባ መሰለ። ክሩ ገብቶ ነበር። ስጨርስ ‹ጨረስኩ› አልኩት፣ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። በጥቁር ክር ሰፋው፤ ቡኒ የለውም። ሂሳቡን ሲነግረኝ አነሰብኝ። ጨምሬ ልስጠው አሰብኩ፣ ግን ብሩን እንደገና ፊቱ ላይ መቁጠር ሊኖርብኝ ሆነ። ተውኩት።»

የቀኙ ገጽ፣ በስልክ ካልሽኝ፦

«ከአሥር ወር በኋላ። ሌባ ሊሆን ይችላል ብዬ መቁጠሬ አይደለም የከነከነኝ። እሱ ያንን አይቶ ስለ እኔ ማፈሩ ነው። እንዳላፍር ብሎ ነው የዞረው።»

እስቲ እይው። «ተለወጥኩ» የሚል የለበትም። የስሜት ስም እንኳ የለበትም ማለት ይቻላል። እጅ፣ ፌስታል፣ ክር ነው ያለው። ማታ ስትጽፊ «አዘንኩ»፣ «ተደነቅኩ»፣ «ልቤ ተነካ» የሚል ከመጣብሽ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ ያኔ እጄ ምን ያደርግ ነበር? መልሱን ጻፊ። «ደነገጥኩ» ከማለት «ብሩን ሁለቴ ቆጠርኩት» ማለት ከዓመት በኋላ ያን ሰዓት መልሶ ያመጣልሻል። የስሜት ስም ጨርሶ ይከልከል አልልም፤ ቀኙ ገጽ ላይ ይምጣ፣ ጊዜ ሲያልፍ፣ ትክክለኛው ስም ሲገኝ። ያን ዕለት ማታ የሚመጣልን ስም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። አንቺም ያን ማታ የተሰማሽን «ድካም» ነው ብለሽው ነበር።

ገጹ ረጅም መሆን የለበትም። የዕለቱን ሰው ሁሉ ለመጻፍ አትሞክሪ። በቀን አንድ ሰው ይበቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ቀን ላይ አትወስኚ። ማታ ላይ ሳትጠሪው የሚመጣብሽ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቁ ሰው አይሆንም። አስጎብኚው አይሆንም፣ ካህኑም ላይሆን ይችላል። ውኃ የሸጠችሽ ልጅ ትሆናለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገርሽ። እንዲህ ያለ ገጽ ከጻፍሽ በኋላ እጅሽ ሳታውቂው አንድ መስመር ሊጨምር ይፈልጋል፦ «የሐረር ሕዝብ ደግና ጨዋ ነው።» አትጨምሪው። ሰውየው እዚያው ይጠፋል። አንድ ሰው ፊቱን አዞረ፤ ሕዝብ ፊቱን አላዞረም። የምትለዪበት መንገድ አለ፦ ያን መስመር ሌላ ሰው ላይ፣ ሌላ ከተማ ላይ ለጥፊው። ከተለጠፈ ስለ ማንም አልጻፍሽም ማለት ነው። «ክሩ ገብቶ ነበር» የሚለው ግን የማንም አይሆንም። በተገላቢጦሹም ያው ነው። አንዱ ሚኒባስ ላይ ቢያጭበረብርሽ «እዚህ አገር ሰው አይታመንም» ብለሽ አትዝጊው፤ ያ አንዱ ምን እንዳለና አንቺ ምን እንደመለስሽ ጻፊ።

ሌላው ፈተና መፍጠር ነው። ገጠመኙ ትንሽ ስትሆን ሰው ማሳመር ያምረዋል። ማትሱኦ ባሾ የተባለው የጃፓን ባለቅኔ በ1689 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሶራ ከሚባል ደቀ መዝሙሩ ጋር ረጅም መንገድ በእግሩ ሄዷል። የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነበባል። ሶራም የራሱን ማስታወሻ ይዞ ነበር፤ ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ያደሩበትን ቤት። የሶራ ማስታወሻ በ1943 ታትሞ ሲወጣ ሁለቱን ያመሳከሩ ሰዎች ባሾ ቀኖችን እንዳዛወረና ነገሮችን እንደቀየረ አዩ። ኢቺቡሪ በምትባል ቦታ፣ ባደሩበት ቤት ከግድግዳው ወዲያ የሁለት ሴተኛ አዳሪዎችን ጨዋታ እንደሰማ፣ በማግስቱም ሴቶቹ አብረን እንሂድ ብለው አልቅሰው ሲለምኑት እምቢ እንዳለ ባሾ ጽፏል። ይህን ለሶራ ነግሬው እሱም ጻፈው ይላል። የሶራ ማስታወሻ ውስጥ ግን የለም። ብዙ ተመራማሪዎች ገጠመኙ የፈጠራ ነው ይላሉ።

ባሾ ባለቅኔ ነው፤ ከጉዞው በኋላ ለዓመታት ያን ጽሑፍ እየከለሰ የኖረው የሥነ ጽሑፍ ሥራ ሊሠራ ነው። የአንቺ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። አንቺ ራስሽን ልታዪ ነው የምትጽፊው፤ የፈጠርሽው ሰው ደግሞ ካንቺ የማታውቂውን ነገር አያሳይሽም። ስለዚህ ትንሽ ከሆነች ትንሽ ትሁን። ከሶራም የምትወስጂው አለ። የገጹ አናት ላይ አንድ መስመር ለእሱ ስጪው፦ ቀን፣ ቦታ፣ አየሩ፣ ያደርሽበት። የአሮጌው ደብተርሽ ችግር ሰዓትና ቦታ መያዙ አይደለም፤ ከአንድ መስመር ማለፉ ነው። ያለ እሷ መስመር ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ልብስ ሰፊው ሐረር ይሁን ጅማ ይጠፋብሻል።

አሁን ስለ ላሊበላ። ገና ላይ ከተማው በምእመናን ይሞላል፤ ቀናት በእግር ተጉዘው የመጡ ብዙ ናቸው። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ከፍታ ላይና ከታች ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲዘምሩ ብዙ ሺህ ሰው ያያል፣ ብዙ ስልክ ይቀርጻል። ያንን ለመጻፍ አትድከሚ፤ ተቀርጾ ይገኛል። ከጎንሽ ተጣብቆ የቆመው ማን ነበር? ምን አለሽ? ነጠላሽን ማን ረገጠ፣ ምን ብሎ ይቅርታ ጠየቀ? እናትሽ ያኔ ማንን ነበር የምታየው? እነዚህን ማንም አይቀርጽልሽም።

ሁለት ቦታ ላይ ንቁ ሁኚ። አንደኛው ጫማ የምታወልቂበት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ማኪና ግርግር ላይ ለቦርሳሽ የሆንሽውን ካስታወስን፣ ጫማሽን ለማታውቂው ሰው ትተሽ ስትገቢ ምን እንደምታደርጊ ከመሄድሽ በፊት ገምተሽ ጻፊ። ሁለተኛው ወደ ቤተ መርቆሬዎስ ከሚወስደው ጨለማ መተላለፊያ ነው። ብርሃን ሳይበራ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚያልፉት። ማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን የማንን እጅ እንደያዘ፣ በጨለማው ውስጥ ምን እንደተባባላችሁ ስትወጡ ወዲያው ጫሪ። እናትና ልጅ ጨለማ ውስጥ የሚነጋገሩት ብርሃን ላይ ካለው ይለያል።

የሰው ስም ጉዳይ አለ። ሰዎች ያወሩሽን አምነው ነው። ሕመማቸውን፣ ስለታቸውን፣ የጎደለባቸውን ይነግሩሻል፤ ስለት ሊያስገቡ የመጡ ሰዎች መካከል ነው የምትገቢው። ስማቸውን አትጻፊ፣ ወይም አንድ ፊደል ብቻ ያዢ። ደብተር ይጠፋል፣ ይነበባል። ፎቶ ከፈለግሽ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉሽ እምቢታቸውን በቃላቸው ጻፊው፣ እሱም ገጠመኝ ነው።

ከተመለሽ በኋላ ደብተሩን አትዝጊው። መጨረሻው ላይ ጥቂት ገጽ ለቤት አስቀሪ። እናትሽ «ምን ሆነሽ ነው?» ያለችሽ ለምን እንደሆነ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? ሱቅ የላክሽው የጎረቤት ልጅ መልስ ሲያመጣልሽ ሳትቆጥሪ ኪስሽ ስለከተትሽው ነው። ሁልጊዜ ትቆጥሪ ነበር። ሐረር ላይ የጀመረው ነገር የታየው አዲስ አበባ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ ነው። ያን ዓይነት ነገር ከሄድሽበት ቦታ ይልቅ ቤት ውስጥ ነው የሚወጣው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ፤ ከዚያ አዲሱ ልማድ ድሮም የነበረ ይመስልና መታየቱ ያቆማል። ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት በየማታው አንድ መስመር ይበቃል፦ ዛሬ እንደ ድሮዬ ያላደረግኩት ምንድን ነው? ምንም ከሌለ «ምንም» ብለሽ ጻፊ። ሁሉም ጉዞ ሰውን አይቀይርም፤ ቀኙ ገጽ ባዶ ቢቀር ያም መታወቅ ያለበት ነገር ነው፣ በግድ አትሙዪው።

ወሩ ሲሞላ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት የጻፍሽውን ገጽ ሳታነቢ፣ ያኔ ምን ብዬ ነበር የሚለውን ከጭንቅላትሽ ጻፊ። ከዚያ ገልጠሽ አስተያዪው። ተማሪዎቹ ላይ የደረሰው አንቺም ላይ መድረስ አለመድረሱን ታያለሽ፤ የማይገጥመው ቦታ ላይ አስምሪበት፣ የተቀየርሽው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ በስልኩ ላይ «እናቴ ምን ትጽፊያለሽ ብትለኝስ?» ብለሽኝ ነበር። አትደብቂያት። ስለ ሌላው ሰው የጻፍሽውን ሳይሆን ስለ እሷ የጻፍሽውን ብቻ፣ የዚያን ዕለቱን አንብቢላት። «እንዲህ አላልኩም» ትልሽ ይሆናል። አትከራከሪያት፣ የግራውንም አታስተካክዪ። ያለችውን በቃሏ፣ በጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ቀኙ ላይ አስፍሪው፤ ቀን መጻፍሽን አትርሺ።